ስድስቱም የተኙበት ወንበር

ወተቱ የተፈለገው ለማሽኑ ነበር። ላቦራቶሪው የሥጋና የወተት ናሙና መመርመር ሊጀምር ስለሆነ አዲስ ማሽን ገብቶለታል፤ ማሽኑ ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከምንም ነገር የጸዳ ወተት ቀምሶ "ንጹህ ማለት ይህ ነው" ብሎ መልመድ አለበት። እንዲህ ያለው ወተት ሲገባ ስክሪኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር እንደ ክር የተዘረጋ መስመር ይወጣል። መስመሩ ላይ አንዳች ጉብታ ከታየ ወተቱ ውስጥ መኖር የሌለበት ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን ሥራ የያዘችው ኬሚስት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ "ሚዛን" በሚል ቅጽል ስም ትታወቃለች። ሁለት ጊዜ ሳትመዝን ሻይዋ ላይ ስኳር አትጨምርም ብለው ያወጡላት ስም ነው፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ተቀብላዋለች። ንጹህ ወተት ከየት ይምጣ ሲባል ግን መመዘን አላስፈለጋትም። ታናሽ ወንድሟ ላሞች አሉት። ከእሱ ወተት የበለጠ የምታምነው ወተት በዓለም ላይ የለም፤ ማልዶ አምጥቶ የሰጣትን ጠርሙስ በኩራት ተቀብላ ወደ ማሽኑ ወሰደችው።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ ቦታ ላይ ጉብ አለ።

ጠርሙሱ ቆሽሿል ብላ አሰበች። ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን እንዲሁ ያስባል። ዕቃውን ሁሉ እንደገና አጥባ፣ አድርቃ፣ ሞከረች፤ ጉብታው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በማግስቱ በራሷ እጅ ያጠበችውን የብርጭቆ ጠርሙስ ይዛ ሄዳ ከሌላ ላም ጡት በቀጥታ አሳለበች። ወንድሟ ሳቀባት፤ "እታለም፣ ላሟንም በሳሙና ልጠባት?" አላት። እሷም አብራው ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ የወጣው ጉብታ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ ላሞቹን የሚያሰማራበት መስክ ቀድሞ የጸረ-ተባይ መጋዘን የነበረበት ቦታ ነው። መጋዘኑ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጣሪያው ሲወድቅ ግን ውስጡ የተከማቸው ነጭ ዱቄት በዝናብ እየታጠበ መሬቱ ውስጥ ገባ። ለዓመታት ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው። በኋላ መሬቱ ይጽዳ ተባለና ሥራው ለዚሁ ላቦራቶሪ ተሰጠ። አፈሩ ተቆፍሮ ወጣ፣ በትልልቅ ገንዳ ውስጥ ከአልኮልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር እየሞቀ ታሸ፣ ታጥቦ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ሣር በቀለበት። መሬቱ ንጹህ ነው ተብሎ ሲፈረም ከፈራሚዎቹ አንዷ ሚዛን ነበረች። ወንድሟም ሌላ ማንንም አልጠየቀም። እሷን ጠየቀ፤ ተከራየው፣ አይዞህ አለችው።

ንጹህ መሆኑን ያወቁበት መንገድ ደግሞ ብልሃት የተሞላበት ነበር፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ ነበር የመሰላቸው። የዱቄቱ እያንዳንዷ ሞሌኪውል ስድስት ክሎሪን ተሸክማለች። ኮስቲክ ሶዳው ሞሌኪውሏን ሲያፈርሳት ከክሎሪኖቿ ሦስቱ ተነቅለው ክሎራይድ ሆነው ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ከገንዳው ውሃ እየቀዱ በብር ናይትሬት ክሎራይዱን መለካት ነው። ክሎራይዱ እየጨመረ እስከሄደ ድረስ መርዙ እየፈረሰ ነው፤ መጨመሩን ካቆመ ደግሞ የሚፈርስ ነገር አልቋል። ሚዛን በገዛ እጇ ለካች። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። እርግጥ ከተጠበቀው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ጎድሏል። አፈር ነው፣ ድንጋይም ቅጠልም አለበት፣ ከዚህ በላይ አይጠበቅም ተባለ። መመሪያው በስም እንዲፈለግ የሚያዘው አንዱ ዋነኛው መርዝ ተፈለገ፤ ጠፍቷል። ተጨበጨበ።

አሁን ማሽኑ ፊት ተቀምጣ የጎደለችው ያች አሥረኛ እጅ ትዝ አለቻት። 

ዋናው መርዝ ዱቄቱ ውስጥ ብቻውን አይደለም፤ በአተምም በመጠንም እሱን የሚመስሉ ወንድሞች አሉት፤ ልዩነታቸው ክሎሪኖቹ በካርቦን ቀለበታቸው ላይ በየትኛው ፊት መቀመጣቸው ብቻ ነው። ካዝናው ውስጥ የእያንዳንዳቸው ንጹህ ናሙና በትንንሽ ብልቃጥ አለ። አንድ በአንድ ወደ ማሽኑ አስገባቻቸው። የመጀመሪያው ጉብታ የወተቱ ጉብታ ካለበት ቦታ ራቅ ብሎ ወጣ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ቤታ የሚባለው ሲገባ ግን ጉብታው ሄዶ የወተቱ ጉብታ ላይ ልክክ አለ።

ከመሳቢያዋ የሞሌኪውል መሥሪያዋን አወጣች። ጥቁሮቹ ኳሶች ካርቦን፣ አረንጓዴዎቹ ክሎሪን፣ ነጮቹ ሃይድሮጅን ናቸው። ስድስት ካርቦኖችን በቀለበት አያያዘች። ይህ ቀለበት ጠረጴዛ ላይ እንደ ሳህን አይዘረጋም፤ አንዱ ጫፉ ቀና፣ ሌላው ጫፉ ደፋ ብሎ የመዝናኛ ወንበር ቅርጽ ይይዛል። ከየካርቦኑ ሁለት ሁለት እጅ ይወጣል፤ አንዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይቆማል፣ አክሲያል ይሉታል፤ ሌላው ወደ ጎን ይተኛል፣ ኢኳቶሪያል ይሉታል። ቤታ ላይ ክሎሪኖቹ አንዱ በላይኛው ፊት፣ ቀጣዩ በታችኛው፣ ቀጣዩ በላይኛው እየተባለ ይፈራረቃሉ። እንደዚያው አድርጋ ሰካቻቸውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስድስቱም አረንጓዴ ኳሶች ወደ ጎን ተኝተው ነበር። አንድም የቆመ የለም።

ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። ኮስቲክ ሶዳ ክሎሪንን ነቅሎ የሚጥለው ክሎሪኑ ቆሞ ከሆነ፣ ጎረቤቱ ካርቦን ላይም ሃይድሮጅን በተቃራኒው አቅጣጫ ቆሞ ካገኘ ነው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ሌሎቹ ወንድሞች የቆመ ክሎሪን ስላላቸው አንድ በአንድ ፈርሰው አለቁ። ይህኛው ሶዳው በአጠገቡ ሲያልፍ ተኝቶ አሳለፈው። ክሎራይዱ መጨመሩን ያቆመው መርዙ ስላለቀ አልነበረም። የሚነካው ስላለቀ እንጂ።

ከኳሶቹ የሠራችውን ወንበር በእጇ እንደያዘች ወደ ላቦራቶሪው ኃላፊ ቢሮ ገባች። ሰውየው ፕሮፌሰር ሆነው አያውቁም፤ ግን ሁሉም "ፕሮፍ" ይላቸዋል፣ ሲሏቸውም ደስ ይላቸዋል። የገንዳውን ሥራ የነደፉት እሳቸው ናቸው። ለእሷም ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ስለሆኑ፣ ከሁሉ ሰው ፊት ይልቅ እሳቸው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ወተቱን፣ ጉብታውን፣ ብልቃጦቹን። እሳቸው መጀመሪያ የተናገሩት እሷም መጀመሪያ ያሰበችውን ነበር፤ ዕቃ ቆሽሾ ይሆናል አሉ። ዕቃውን እንዴት እንዳጠበች ስትነግራቸው እጃቸውን ለወንበሩ ዘረጉ።

"አየሽ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ ለተማሪ እንደሚያስረዱ፣ "ቀለበት እንዲህ እንደሠራሽው ረግቶ አይቀመጥም። ይገለበጣል። ዓይንሽን እስክትጨፍኚ ስንት ጊዜ ይገለበጣል። ሲገለበጥ የተኛው ይቆማል፣ የቆመው ይተኛል። ስድስቱም ይቆማሉ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሶዳው ይይዛቸዋል።"

እውነት አላቸው፤ ቀለበት ይገለበጣል። ለአፍታ ያህል ሚዛን በደስታ ልትወድቅ ደረሰች። ተሳስታ መገኘትን የዚያን ዕለት ያህል የተመኘችበት ጊዜ በሕይወቷ የለም። ጥያቄው ግን ይገለበጣል አይገለበጥም አይደለም፤ ከሁለቱ ወንበሮች የትኛው ላይ ነው የሚውለው የሚለው ነው። ለስላሳ ድምፅ አውጥታ፣ ይቅርታ እየጠየቀች፣ ይገልብጡት አለቻቸው።

ገለበጡት። ደፋ ያለው ጫፍ ቀና አለ፣ ቀና ያለው ደፋ አለ፤ ስድስቱም አረንጓዴ ኳሶች ብድግ ብለው ቆሙ። ሦስቱ ከላይ፣ ሦስቱ ከታች። ከላይ ያሉት ሦስቱ ጠባብ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ ወፍራም ሰዎች ተፋፈጉ፤ የታችኞቹም እንዲሁ። እውነተኛ ክሎሪን ደግሞ ከፕላስቲኩ ኳስ የባሰ ቦታ ይፈልጋል፤ ጎረቤቱን ገፍቶ ያስቀይመዋል። አንድ ክሎሪን ብቻውን ቢቆም ይቻላል፤ ሁለት ሦስት ቢሆኑም ቀለበቱ እያማረረም ቢሆን ይሸከማል። ስድስት ሲሆኑ ግን ወንበሩ አያርፍም፤ ተመልሶ ስድስቱንም ያስተኛል። ከስንት እልፍ ሞሌኪውል አንዷ ናት ለቅጽበት እንዲህ ቆማ የምትገኘው።

ይህን ለመናገር እንኳ ዕድል አላገኘችም። ፕሮፍ ራሳቸው ኳሶቹን ሲያዩ ገብቷቸዋል። ቢሆንም ሰው ናቸውና አንድ ነገር አልለቀቁም።

"ትንሽ ትሁን፤ ትኑር ብቻ፣" አሉ። "የቆመችዋን ሶዳው ከበላት ሌላዋ ትተካለች። በዝግታም ቢሆን ያልቃል። ጊዜ ነው የሚፈልገው።"

ከዚያም የቆመውን ወንበር ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ አውራ ጣታቸውን አንዱ አረንጓዴ ኳስ ላይ አድርገው፣ ጎረቤቱ ካርቦን ላይ በተቃራኒው የቆመውን ሃይድሮጅን ፈለጉ። በተቃራኒው የቆመው ሌላ ክሎሪን ነበር። በወዲያኛው ጎረቤት ፈለጉ፤ ክሎሪን። ቀለበቱን እያዞሩ ስድስቱንም ዳሰሱ። ስድስቱ ክሎሪኖች ሲቆሙ ስድስቱ ሃይድሮጅኖች ተኝተዋል፤ በአንደኛው ወንበር ክሎሪኑ ይተኛል፣ በሌላኛው ሃይድሮጅኑ። ሁለቱ ተቃራኒ ሆነው አብረው የሚቆሙበት ወንበር የለም። ሶዳው መቶ ዓመት ቢጠብቅ የሚይዘው አያገኝም። ሚዛን ራሷ ይህን እዚያው ቆማ፣ የሳቸውን ጣት እየተከተለች ነበር ያየችው፤ ሳይጋብዟት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ፕሮፍ ሞዴሉን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አኖሩት፤ የሚፈነዳ ነገር ይመስል።  ኮሪደሩ ላይ የሆነ ሰው እየሳቀ አለፈ። ቀጥለው የተናገሩት ለበላይ አካል ሳይነገር ወሬው እንዳይወጣ፣ ናሙናው በሌላ ላቦራቶሪ መረጋገጥ እንዳለበት፣ መሬቱም ተመልሶ መታጠር እንደሚኖርበት ነበር። ሁሉም ትክክል ነው፤ እሷ ግን ግማሹን አልሰማችም።

"ወንድሜ እዚያ ነው ያለው፣" አለች። "አራስ ሚስት አለችው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ዓይናቸው የሽማግሌ ዓይን እንደሆነ ከዚያ በፊት አስተውላ አታውቅም። "በይ ሂጂ፣" አሏት፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ከመንገድ ደውላ ለወንድሟ ወተቱን እንዳይሸጥ፣ የታለበውን እንዲያፈስ፣ ማንም አንድ ጉንጭ እንዳይጠጣ ነገረችው። ምን ሆነሽ ነው ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ድምፅዋን ሲሰማ ግን ተወው። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ስትሄድ በሐሳቧ የምታየው ዱቄቱን ነበር። ውሃ ስለማይወድ በዝናብ ሟሙቶ አይሄድም። የሚወደው ስብ ነው። ላሟ ሣሩን ከነአፈሩ ስትግጥ አብሮ ይገባል፣ ስቧ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ የላሟም አካል ሊያፈርሰው ይሞክራል፣ እሱ ግን እንደተኛ ነው፤ ከተደበቀበት ስብ የሚወጣበት ሰፊ በር ወተት ብቻ ነው። የምትታለብ ላም ናት እየቀነሰላት የምትሄደው፤ ያም ለጠጪው እያስተላለፈች። ወንድሟ በዚያ መስክ ላይ ክረምትና በጋ ተመላልሶበታል። ስንት ቤት ወተት እንደሚያደርስ ታውቃለች፤ አብዛኞቹን በስም ታውቃቸዋለች።

የወንድሟ ቤት መስኩ ጥግ ላይ ያለች፣ ሁለት ክፍል ያላት ቤት ናት። ስትደርስ ግቢው ውስጥ የፈሰሰው ወተት መሬቱን አንጥቶት ነበር፣ ዝንቦችም ደርሰውበታል። ላሞቹ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እያመነዠኩ ቆመዋል። ደህና፣ የሚያብረቀርቁ ላሞች ናቸው፤ ይህ ነው የሚያስፈራው፤ አንዷም አላሳለችም፣ አንዷም አልከሳችም። ወንድሟ በር ላይ ጠበቃት። ፊቱ ጠቁሯል። ውስጥ ገብተው ተቀመጡና ነገረችው። ስለ ወንበሩና ስለ ክሎሪኑ አላወራችም፤ መሬቱ አልጸዳም፣ ጸድቷል ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ተሳስተናል አለችው። እንዲጮህባት ፈልጋ ነበር። አልጮኸም።

ሚስቱ ጥግ ላይ አልጋው ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ሕፃኗ ገና አንገቷን ያላጸናች ናት፤ ጡት ይዛ በእንቅልፍና በረሃብ መሃል ትዋልላለች። ወንድሟ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ከቆየ በኋላ፣ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀና አለ። ፊቱ ላይ ብርሃን መጣ። ያን ብርሃን ሚዛን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አትረሳውም።

"ተመስገን ነው እታለም፣" አለ። "ኪሳራው ይቅር፣ ላሞቹም ይሂዱ። ልጄ የላም ወተት በአፏ ዞሮ አያውቅም። ከተወለደች ጀምሮ የእናቷን ጡት ብቻ ነው።"

ሚዛን ወደ ሚስቱ ዞረች። ጥያቄውን ላለመጠየቅ ብትችል ኖሮ ያላትን ሁሉ በሰጠች ነበር።

"አንቺስ?" አለቻት። "አንቺ ወተት ትጠጫለሽ?"

አራሷ ግራ ተጋብታ ባሏንና እሷን አፈራርቃ አየች።

"ካረገዝኩ ጀምሮ ጠዋት ማታ ነዋ፣" አለች። "አንቺ አይደለሽ እንዴ እትዬ፣ ለጡትሽ ይሆንሻል ጠጪ ያልሽኝ?"

ሕፃኗ ጡቱን ለቀቀች፣ ተንፍሳ፣ መልሳ ያዘች። ወንድሟ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው፤ ገና አልገባውም። ሚዛን ከንፈሯን አላቀቀች፤ መናገር ነበረባት።